በጠባብ ቦታ ላይ የሚሠራ የውስጠ ግቢ ቤት፦ ስለ ብርሃን፣ ስለ አየርና ስለ ገመና ጥያቄና መልስ

ቤቶች ግድግዳ ለግድግዳ ተያይዘው በሚሠሩበት ሰፈር ስለሚሠራ ውስጠ ግቢ የቀረቡልኝን ጥያቄዎች ከዚህ በታች እመልሳለሁ። ነገሩ በቁጥር እንዲታይ፣ ወርዱ 10 ሜትር፣ ርዝመቱ 16 ሜትር የሆነ፣ በሦስት ጎኑ ከጎረቤት ጋር የሚዋሰንና በአንድ ጎኑ ብቻ ወደ መንገድ የሚወጣ አንድ ቦታ በምሳሌነት እይዛለሁ።

«ግቢ ያለው ቤት ሁሉ የውስጠ ግቢ ቤት አይደለም እንዴ? የኛም ቤት ዙሪያውን ግቢ አለው።»

አይደለም። እርስዎ በጠቀሱት አሠራር ቤቱ መሃል ላይ ይቆማል፣ ባዶው ቦታም ይከበዋል፤ በውስጠ ግቢ ቤት ግን ክፍሎቹ እስከ ወሰኑ ድረስ ሄደው ባዶው ቦታ መሃል ላይ ይቀራል። በያዝነው ቦታ ላይ በአራቱም ጎን 1.5 ሜትር ቢለቀቅ ቤቱ 7 በ13 ሜትር ይሆንና 69 ካሬ ሜትር ያህል ባዶ ይቀራል። ይህ ሁሉ ቦታ ግን ሰው ወንበር አውጥቶ የማይቀመጥበት ቀጭን መተላለፊያ ነው፤ መስኮት ሲከፈትም ፊት ለፊት የሚገጥመው የጎረቤት መስኮት ነው። የዚያን ሲሶ እንኳ የማይሞላ ቦታ መሃል ላይ ብንተው፣ ክፍሎቹ ሁሉ የሚከፈቱበት 4 በ5 ሜትር የሆነ አንድ ግቢ እናገኛለን። ነገር ግን ይህ የሚሆነው እስከ ወሰን ድረስ መሥራት በሚፈቀድበት ቦታ ብቻ ነው፤ ከወሰን መራቅን የሚያስገድድ ደንብ ባለበት ከተማ ፕላን ከመነሣቱ በፊት ይህ መጣራት አለበት።

«ሁለት ወለል ነው የምሠራው። ግቢውን ሰፋ ባደርገው የታችኛው ክፍል በቂ ብርሃን ያገኛል?»

ጥቂት ይሻሻላል፤ ሆኖም ብዙ ሰው የሚሳሳተው ስፋቱን ብቻ በማየት ነው። ወሳኙ ነገር ከክፍሉ ውስጥ ሆኖ ሰማይ መታየቱ ነው። በምሳሌያችን የግቢው ስፋት 4 ሜትር፣ ፊት ለፊት ያለው ክንፍ ከፍታው 7 ሜትር፣ የመስኮቱ ራስ ደግሞ ከወለሉ 2.4 ሜትር ላይ ነው እንበል። ከፊት ለፊቱ ጣሪያ ጫፍ ተነሥቶ በመስኮቱ ራስ ሥር የሚያልፈው መስመር የጠረጴዛ ከፍታ፣ ማለትም 0.8 ሜትር ላይ የሚደርሰው ከመስኮቱ 1.4 ሜትር ብቻ ገባ ብሎ ነው። ከዚያ ወዲያ የተቀመጠ ሰው ጠረጴዛው ላይ ሰማይ አያገኝም፤ ክፍሉ ግን 6 ሜትር ጥልቀት አለው።

ግቢው በአንድ ሜትር ሲሰፋ ያ ርቀት 1.7 ሜትር ይሆናል። ግቢውን ሳንነካ የመስኮቱን ራስ ወደ 3 ሜትር ብናነሣው ግን 2.2 ሜትር ይደርሳል። ስለዚህ አንድ ሜትር መሬት ከመስጠት ይልቅ 60 ሳንቲ ሜትር መስኮት መጨመር ይበልጣል። ከሁሉ የሚበልጠው የፊት ለፊቱን ክንፍ አንድ ወለል ብቻ፣ 3.5 ሜትር ማድረግ ነው፤ ያን ጊዜ መስኮቱ 2.4 ላይ ቢቀርም ሰማይ እስከ 5.8 ሜትር ድረስ ይታያል፤ ክፍሉ ከሞላ ጎደል ተዳረሰ ማለት ነው። እኔ ብሆን ዝቅ የማደርገው ፀሐይ አብዛኛውን ዓመት የምታዘነብልበትን ጎን ነው። ግድግዳው ከቆመና የመስኮቱ ራስ ከታሰረ በኋላ ደግሞ ስሌት አያስፈልግም፤ ጠረጴዛው በሚቀመጥበት ቦታ ቁጭ ብሎ ወደ ላይ ማየት ይበቃል።

ሰማይ የማይደርስበት ክፍል የሚኖረው ከፊት ለፊቱ ግድግዳ በሚመለስ ብርሃን ነው። በአንድ ወቅት የኖርኩበት ቤት የፊት ለፊቱ ግድግዳ ጥቁር ቡናማ ስለነበረ በቀትር አምፖል እናበራ ነበር፤ ግድግዳው ነጭ ከተቀባ በኋላ ግን ቀን ማብራት ቀረ።

«ግቢው በጠበበ ቁጥር ቤቱ ይቀዘቅዛል፤ የባግዳድ አሮጌ ቤቶች ምስክር ናቸው። ታዲያ ስለ ስፋት መጨነቅ ለምን ያስፈልጋል?»

ለቀኑ ትክክል ነዎት፤ ሌሊቱን ግን ዘንግተውታል። ጠባብ ግቢ ጥዋትና ከሰዓት በኋላ ጥላ ይሰጣል። ማታ ግን ቀን የጋለው ግድግዳ ሙቀቱን የሚያወጣው ወደ ሰማይ ነው፤ ግቢው በጠበበ ቁጥር ግድግዳው የሚያየው ሰማይ ያንሳል፣ ሙቀቱም ከግድግዳ ወደ ግድግዳ እየተመላለሰ ይቆያል። በበጋ አጋማሽ ባግዳድ ላይ የቀትር ፀሐይ 80 ዲግሪ ያህል ከፍ ስለምትል፣ የ7 ሜትር ግድግዳ ጥላ ከ1.2 ሜትር ብዙም አይበልጥም፤ ስለዚህ ጠባብ ግቢም ቢሆን በቀትር ከፀሐይ አያመልጥም። የባግዳድ ሰዎችም በግቢው ጥበት ብቻ አልተማመኑም፤ በበጋ ቀትር ሰርዳብ ወደሚሉት ከመሬት በታች ወዳለ ክፍል ይወርዱ፣ ሌሊት ደግሞ ጣሪያ ላይ ይተኙ ነበር። ቤጂንግ ላይ በክረምቱ አጋማሽ የቀትር ፀሐይ 27 ዲግሪ እንኳ ስለማትሞላ፣ የዚያ አገር ባህላዊ ቤቶች አንድ ወለል ብቻ ሆነው ግቢያቸው ሰፊ ነው። ሌሊቱ በማይቀዘቅዝበት እርጥበታማ አካባቢ ደግሞ ከግቢው የሌሊት ቅዝቃዜ መጠበቅ ከንቱ ነው፤ እዚያ የሚያድነው ነፋስ ብቻ ነው።

«የኔ ግቢ ዝናብ ስላስቸገረኝ ብርሃን በሚያሳልፍ ፕላስቲክ ከደንኩት። አሁን ቤቱ ይታፈናል፤ ያው ግቢ አለው እኮ!»

ክዳኑ ከግድግዳው ጋር ከተገጠመ ግቢ መሆኑ ቀርቶ ፀሐይ የሚያሞቀው ክፍል ሆኗል፤ የሞቀው አየርም መውጫ ስላጣ ከጣሪያው ሥር ይታቆራል። ክዳኑን በቋሚ ብረት 50 ሳንቲ ሜትር ያህል ከፍ አድርገው ዙሪያውን ክፍት ይተዉለት፤ ዝናቡ እንዳይገባም ጠርዙን ከግድግዳው አሳልፈው ያውጡት።

ይህ ከተስተካከለ በኋላም መታፈኑ ካልቀረ ችግሩ ሌላ ነው። መስኮቱም በሩም ወደ ግቢው ብቻ የሚከፈት ክፍል አየር የሚያልፍበት መንገድ የለውም፤ ነፋሱ ከጣሪያ በላይ ተንሸራቶ ይሄዳል። ቀጭን የፕላስቲክ ክር በሩ ላይ አንጠልጥለው ነፋስ ባለበት ሰዓት ይመልከቱ፤ ክሩ ዝም ካለ አየሩ አይተላለፍም። ወደ መንገድ በኩል፣ ከመንገዱ ወለል ከ2 ሜትር በላይ፣ አላፊ አግዳሚ በማያይበት ከፍታ ላይ ሁለተኛ መክፈቻ ይውጣለት። የግብፁ አርክቴክት ሐሰን ፈትሒ የገለጸው የካይሮው ታኽታቡሽ ከዚሁ የሚዛመድ ነው፤ በጥላማ ግቢና ፀሐይ በሚያገኘው የጓሮ አትክልት ቦታ መካከል የሚሠራ፣ የተከደነ መቀመጫ ስፍራ ስለሆነ፣ ፀሐያማው በኩል አየሩ ሞቆ ሲነሣ ከጥላማው ግቢ ቀዝቃዛ አየር በመቀመጫ ስፍራው ውስጥ እያለፈ ይተካል።

«ከመንገድ የሚያየን የለም፤ አዲሱ የጎረቤት ሕንፃ አራተኛ ፎቅ ግን ግቢያችንን ሁሉ ያያል።»

የመንገዱ ጉዳይ የሚያልቀው በመግቢያው ነው፤ በሩ ተከፍቶ እንኳ ግቢው እንዳይታይ መተላለፊያው አንድ ጊዜ መታጠፍ አለበት። ከላይ የሚመጣው እይታ ግን ከባድ ነው፤ ምክንያቱም ይህ ዓይነት ቤት ገመናን የሚጠብቀው የጎረቤቶች ከፍታ ተቀራራቢ ሲሆን ነው። በሰሜን አፍሪካ የቆዩ ከተሞች ማሊኪ የተባለውን የእስልምና ሕግ ወገን የሚከተሉ ዳኞች የሰው ግቢ የሚያይ መስኮት እንዲዘጋ ይወስኑ ነበር፤ ያ ዳኝነት በሌለበት ቤቱ ብቻውን ራሱን መከላከል አለበት። የጣሪያውን ጠርዝ ግንብ ከፍ ቢያደርጉት ከላይ ባሰላነው ስሌት ብርሃንዎን ይከፍላሉ። ግቢው ላይ ወደ ሕንፃው በኩል የተጋደሙ ቀጫጭን ጣውላዎች ማድረግ ይሻላል፤ ከዚያ ጎን የሚመጣውን እይታ ሰብረው ከሌላው ጎን ሰማዩን ይተዋሉ። ሕንፃው በሁለት በኩል ካለ ግን ይህም አይበቃም፤ እስካሁን ብርሃን ሳይቀንስ የሚያድን መላ አላየሁም።

«ድምፅስ? ልጆቹ ግቢው ውስጥ ሲጫወቱ መተኛት አይቻልም።»

ጠንካራ ግድግዳዎች ፊት ለፊት ሲተያዩ ድምፁን እየተቀባበሉ ያቆዩታል፤ ጥቂት ተክል መትከልም ያን ያህል አይለውጠውም። የመኝታ ክፍሉን መስኮት ከግቢው አዙሮ በመንገዱ በኩል በላይኛው ወለል ማውጣት ይቻላል፤ መንገዱ የሚጮህ ከሆነ ግን የትኛውን ጩኸት እንደሚመርጡ የሚያውቁት እርስዎ ነዎት።