31 የሌለው ወር ሲመጣ

ሰሞኑን የደረሱኝ ደብዳቤዎች ሁሉ የወርሃዊ ክፍያ ቀን ጣጣ ናቸው። በአንድ ላይ ልመልሳቸው።

«ጃንዋሪ 31 የተመዘገብኩበት አገልግሎት ፌብሩዋሪ 28 ላይ ከካርዴ ቆረጠ። ሦስት ቀን ተበላሁ?»

ገና አልተበላሽም። ቀኑ ከሌለ የወሩ መጨረሻ ቀን ላይ መቁረጥ የተለመደ ነው። ማርች ላይ ተመልከቺው። በ31 ከቆረጠ ጤነኛ ነው፤ በ28 ከቆረጠ ግን ሦስቱ ቀን ሄዷል፣ ጻፊላቸው።

«ለጂም የአባላት አፕ ሠርቻለሁ። ደንበኞቼ ቀስ በቀስ በ28 ተከማቹ። ኮዱ እኮ ቀላል ነው፤ ባለፈው ክፍያ ቀን ላይ አንድ ወር ይደምራል። ምኑ ላይ ነው ስህተቱ?»

ራስህ ነገርከኝ እኮ። «ባለፈው ክፍያ ቀን ላይ» ያልከው ነው ስህተቱ።

ጃንዋሪ 31 ላይ አንድ ወር ስትደምር ፌብሩዋሪ 28 ይመጣል። እስከዚህ ልክ ነው። በሚቀጥለው ወር ግን ኮድህ የሚያየው 28ን ብቻ ነው። ሰውየው በ31 እንደተመዘገበ የሚያስታውስ ማንም የለም። ማርች 28፣ ኤፕሪል 28 እያለ ይቀጥላል። 28 የሌለው ወር ስለሌለ ከዚያ ወዲያ አይነቃነቅም። ቀኑ መውረድ እንጂ መመለስ አያውቅም።

ደግሞ ሁሌ በአንድ ጊዜ አይወርድም። ማርች 31 የተመዘገበ ሰው መጀመሪያ ኤፕሪል ላይ ወደ 30 ይወርዳል። እዚያው ወራት ይቆይና ፌብሩዋሪ ሲመጣ ወደ 28 ይወድቃል። ነገሩ ቶሎ የማይታየው ለዚህ ነው። እኔም አንዴ እንዲሁ ሠርቼ የነቃሁት ከዓመት በኋላ ነው፤ ያውም አንዲት ደንበኛ ደረሰኞቿን ደርድራ ስትልክልኝ።

መድኃኒቱ መነሻ ቀኑን ለብቻው ማስቀመጥ ነው። ሰውየው በ31 ከጀመረ 31 ተብሎ ይቀመጥ፣ አይነካ። ቀጣዩን ክፍያ ስትፈልግ ከመነሻው ተነስተህ ስንተኛ ወር እንደሆነ ቁጠር። በፓይተን እንዲህ ነው፦

```python
from datetime import date
from dateutil.relativedelta import relativedelta

anchor = date(2025, 1, 31)
for n in range(1, 5):
    print(anchor + relativedelta(months=n))
```

የሚወጣው ፌብሩዋሪ 28፣ ማርች 31፣ ኤፕሪል 30፣ ሜይ 31 ነው። አጭሩ ወር ቀኑን ለራሱ ብቻ ያሳጥረዋል፣ ለሚቀጥለው አያወርሰውም። እንደ Stripe ያሉ የክፍያ ሥርዓቶችም በዚሁ መንገድ ነው የሚሄዱት። መነሻውን የሚይዙበት ስም `billing_cycle_anchor` ይባላል።

በሽታው ምን ያህል እንደተዛመተ ለማየት ቢያንስ አንድ ፌብሩዋሪ ያሳለፉ ደንበኞችህን ብቻ ለይና የክፍያ ቀናቸውን ቁጠር። በ29፣ በ30 እና በ31 ማንም ከሌለ፣ 28 ላይ ደግሞ ሰው ከተትረፈረፈ አለቀ፣ ያዝከው።

ስትጠግነው የምዝገባውን ቀን ፈልገህ መነሻውን መልስ። በ28 ሊከፍል የነበረው ሰው ወደ 31 ሲሄድ ሦስት ቀን ያገኛል። ያንን ስጠው፣ የተወሰደበት ነው። ወሩ 1,500 ብር ከሆነ ወደ 150 ብር ነው፤ ጂምህ በዚህ አይከስርም። ግን ሁሉንም በጅምላ አትመልስ። አቋርጦ የተመለሰ ሰው መነሻው የተመለሰበት ቀን ነው። ካርዱ እምቢ ብሎት በሦስተኛው ቀን የከፈለ ግን መነሻው አይለወጥም። ዘገየ እንጂ አዲስ ደንበኛ አልሆነም።

«ያለፉትን ደረሰኞች ቀን ኋላ ሄጄ ላስተካክላቸው?» (ይኸው የጂሙ ሰውዬ ነው)

በፍጹም! ከወጣ ደረሰኝ ላይ እጅህን አንሣ። ቀን መቀየር የታክስ ጉዳይ ነው፣ የኮድ ጉዳይ አይደለም። መጀመሪያ የሒሳብ ባለሙያህን አነጋግር። «ትንሽ ነገር ናት» ብለህ እንዳትዘላት፣ አደራ።

«የኔ ሲስተም ፌብሩዋሪን ጭራሽ ዘለለው! በጃቫስክሪፕት ነው የሠራሁት።»

`setMonth` ተጠቅመህ መሆን አለበት። እሱ ፌብሩዋሪ 31 የሚባል ቀን እንዳለ ይቆጥርና ትርፉን ወደ ማርች ያፈሰዋል። በ2025 ብትሞክረው ጃንዋሪ 31 ላይ አንድ ወር ሲጨመር ማርች 3 ይመጣል። የፒኤችፒው `+1 month` ጠባዩም ይኸው ነው። የምትሄድበት ወር ስንት ቀን እንዳለው መጀመሪያ እይ፣ ከዚያ ከመነሻው ቀንና ከወሩ መጨረሻ የሚያንሰውን ውሰድ። ከላይ ያለውንም መልስ አንብበው፣ ያንተ ኮድ ሁለቱም በሽታ ሳይኖርበት አይቀርም።

«አዲስ አበባ ነኝ። ፌብሩዋሪ 1 ተመዝግቤ ደረሰኙ ጃንዋሪ 31 ይላል። ተሳስተዋል አይደል?»

ስንት ሰዓት ላይ ነበር? ከሌሊቱ 6 እስከ 9 ሰዓት ባለው ከሆነ አልተሳሳቱም። ብዙ ሲስተሞች የሚቆጥሩት በዓለም አቀፉ የሰዓት መለኪያ በዩቲሲ ነው፤ እሱ ከእኛ ሦስት ሰዓት ወደ ኋላ ነው። አንተ ጋ ቀኑ ሲቀየር እዚያ ገና ማታ ነው። ዋሽንግተን ያለ ዘመድህ የሚገጥመው ተቃራኒው ነው፤ ጃንዋሪ 31 ማታ ሁለት ሰዓት ላይ ቢመዘገብ በዩቲሲ ፌብሩዋሪ 1 ገብቷል። እንቅልፍህን ተኛና ቀን ተመዝገብ።

«ፌብሩዋሪ 29 ቀን 2024 የዓመት ክፍያ ከፈልኩ። አሁን በየአራት ዓመቱ ነው የምከፍለው?»

ጥሩ ሙከራ ነበር። በየዓመቱ ፌብሩዋሪ 28፣ በ2028 ደግሞ 29።

«ለምን ሁሉም በ30 ቀን አይቆጥርም? እንገላገል ነበር።»

ቀን መቁጠሩ ይቀላል፣ ኪስ ግን ያውቀዋል። 12 ጊዜ 30 ቀን 360 ነው። ስለዚህ በአንድ ዓመት ውስጥ 13ኛ ክፍያ ይገባል። ደመወዝ በ12 እየመጣ ወጪ በ13 ሲሄድ ማን ነው የሚገላገለው?

«እኛ የትምህርት ቤት ሰርቪስ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ነው የምናስከፍለው። ወራችን ሁሉ 30 ነው። ይህ ችግር አይነካንም አይደል?»

የ31 ችግር አይነካችሁም። ጳጉሜስ?

በ30 የሚከፍል ወላጅ ነሐሴ 30 ከከፈለ ቀጥሎ መቼ ነው? ኮዳችሁ ጳጉሜን እንደ 13ኛ ወር ከቆጠረ፣ 30 ስለሌለ ወደ መጨረሻው ቀን ይወርድና ጳጉሜ 5 ላይ ሙሉ የወር ክፍያ ይጠይቃል። ለአምስት ቀን! የ13 ወር ጸጋ ማለት የ13 ወር ደረሰኝ አይደለም። ጳጉሜን ካልቆጠረ ደግሞ መስከረም 30 ይሆናል፤ ወላጁ 35 ቀን በአንድ ክፍያ ያገኛል። ጳጉሜ 6 በሆነበት ዓመት፣ ለምሳሌ በ2015፣ 36 ቀን ነው።

እኔ ሁለተኛውን እመርጣለሁ። ሠራተኛውም ለጳጉሜ ለብቻው ደመወዝ አያገኝም። ውሉ ላይ አንድ መስመር ጻፉበት፣ ጠበቃም ካላችሁ ይየው። ጳጉሜ ውስጥ የሚመዘገብ ሰው ካለ ደግሞ መነሻውን መስከረም 1 አድርጉት። ጳጉሜ 3 ብላችሁ ከመዘገባችሁት ኮዱ በየወሩ 3 ይበለው ወይስ በዓመት አንዴ ጳጉሜን ይጠብቅ፣ ከዚያ የሚመጣውን ክርክር እኔ ጋ እንዳትልኩት።