ማሽኑ ሲዘገይ ቡናው ለምን ይኮመጥጣል?

«ጋሼ፣ ወንድሜ ከጀርመን ያመጣልኝ የቡና ማሽን ድሮ አንድ ሊትር ቶሎ ይጨርስ ነበር። አሁን 18 ደቂቃ ይፈጅበታል። ቡናው ቀጭንና ኮምጣጣ ነው፣ ቡና ብጨምርበትም ያው ነው። ትንሽ ከቆየ ደግሞ የተቃጠለ ይሸታል። ያንኑ ቡና በጀበና ሳፈላው ግን ግሩም ነው። አምና ጭራሽ ጠፍቶ የሰፈር ልጅ ‹ፊውዙን ዘልዬዋለሁ፣ ከእንግዲህ አያስቸግርሽም› ብሎ መለሰልኝ። ይጠገናል ወይስ አዲስ ልግዛ?» አንባቢ፣ ከአዲስ አበባ

እህቴ፣ መጀመሪያ ስፒናውን ንቀይ። ያ ፊውዝ ቦታው እስኪመለስ ድረስ ማሽኑ እንዳይሰካ። ሌላው ሁሉ ከዚያ በኋላ ነው።

የኔ ግምት ይሄ ነው፦ የማሽንሽ ሆድ ውስጥ ነጭ ቅርፊት ጋግሯል። ማንቆርቆሪያ ታች ላይ የሚጋገረው ያው ነገር ነው። በተለይ የሰፈራችሁ ውሃ ከጉድጓድ የሚመጣ ከሆነ ቶሎ ይጋገራል። የዘገየው በሱ ነው፣ ቡናው የኮመጠጠው በሱ ነው፣ ፊውዙም የተቃጠለው በሱ ይመስለኛል።

እንዲህ ያሰኘኝ ያልሽው 18 ደቂቃ ነው። ከማሽኑ ሥር የተለጠፈውን ዋት አንብቢ። ርካሾቹ አብዛኛውን ጊዜ 900 አካባቢ ናቸው። በ900 ዋት አንድ ሊትር ውሃ ለማፍላት አምስት ደቂቃ ተኩል ይበቃል፤ የሚባክነውን ሙቀት ስትጨምሪበት 7 ወይም 8 ደቂቃ ይሆናል። «መብራቱ ደክሞ ይሆናል» እንዳትዪኝ። 230 ቮልት መሆን የነበረበት 190 ቢወርድ እንኳ ኃይሉ ወደ 600 ዋት ይወርዳል፣ ሥራውም በ11 ወይም 12 ደቂቃ ያልቃል። 18 ደቂቃ የመብራት ጥፋት ብቻ አይደለም።

እዚህ ላይ ትንሽ ልዘግይ፣ ምክንያቱም ይሄን ነገር የገባው ሰው ማሽኑን ራሱ መመርመር ይችላል። ብዙ ሰው ማሽኑ ውስጥ ውሃ የሚገፋ ፓምፕ ያለ ይመስለዋል። የለም። ከታች፣ ጠርሙሱ ከሚቀመጥበት ሳህን ሥር፣ እንደ ፈረስ ኮቴ የታጠፈ አሉሚኒየም አለ። በአንዱ ጎኑ የሚያሞቀው ኤለመንት ያልፋል፣ በሌላው ጎኑ ውሃው ያልፋል። ውሃው ከታንከሩ በራሱ ክብደት ይወርድና እዚያ ይፈላል። ሲፈላ አረፋ ይፈጠራል፣ አረፋው ደግሞ ከፊቱ ያለውን ውሃ እየገፋ በቀጭኗ ቱቦ ወደ ላይ ያወጣዋል። ወደ ታንከሩ ተመልሶ እንዳይሄድ መግቢያው ላይ በአንድ በኩል ብቻ የምትከፈት ትንሽ ቫልቭ አለች። ጉልበቱ እንግዲህ ያ አረፋ ብቻ ነው። ማሽኑ እየተንቦጫረቀ፣ እየቆረጠ ውሃ የሚተፋው ለዚህ ነው።

አሁን በአሉሚኒየሙና በውሃው መካከል ቅርፊት አስገቢበት። ሙቀቱ ወደ ውሃው መሻገር ያቅተዋል። ኤለመንቱ ራሱን ያቃጥላል፣ ሙቀቱን የሚጠብቀው ቴርሞስታትም «በቃ» ብሎ ያጠፋዋል። ሲበርድ እንደገና ይለኩሰዋል። ጆሮሽን ብታስጠጊ ቀጭ፣ ቀጭ ሲል ትሰሚዋለሽ። ጤነኛ ማሽን ውሃው ሳያልቅ እንዲህ አይልም። በጠፋ ቁጥር ቱቦውም ይቀዘቅዛል፣ የረጠበው ቡናም ይቀዘቅዛል፣ ቀጥሎ የሚመጣው ውሃ ደግሞ ያንን እያሞቀ ራሱ ለብ ይላል።

ለብ ባለ ውሃ ከቡና ቶሎ የሚወጣው ኮምጣጣው ነው። ጣፋጩና ከበድ የሚለው ጣዕም የሚወጣው በሙቅ ውሃ ነው። ለዚህ የሚመከረው ውሃው ቡናው ላይ ሲደርስ ከ92 እስከ 96 ዲግሪ እንዲሆን ነው። ቡና ስትጨምሪበት ያልተሻለሽም ለዚሁ ነው፤ የጨመርሽው ኮምጣጣውን ነው። ጀበና ላይ ቡናው ከውሃው ጋር አብሮ ስለሚፈላ ይሄ ችግር አይነካውም።

አዲስ አበባ ላይ ደግሞ ሌላ ነገር አለ። ከተማችን ከ2,300 ሜትር በላይ ስለሆነች ውሃ እዚህ በ92 ዲግሪ አካባቢ ይፈላል። ጀርመን ቆላው ላይ 100 አካባቢ የሚፈላው ውሃ ቱቦው ውስጥ ጥቂት ዲግሪ ቢጥል ምንም አይሆንም። እኛ ጋ ግን የሚጣል ትርፍ የለንም። ጤነኛ ማሽን እንኳ እዚህ ከ90 በታች ሊያደርስ ይችላል። ስለዚህ ትንሿ ጉድለት ሁሉ ጣዕሙ ላይ ትታያለች።

አሁን ወደዚያ ልጅ ሥራ። እውነቱን ልንገርሽ፣ እንዲህ ያለ ጥገና ሳይ ያመኛል። ኤለመንቱ ላይ የተለጠፈው ፊውዝ ለመብራት መብዛት አይደለም፣ ለሙቀት ነው። ቴርሞስታቱ ሳያጠፋ ቢቀር እሱ አንድ ጊዜ ተቃጥሎ ቤቱን ያድናል። ያንቺም ሥራውን ሠርቷል። ልጁ ለምን ተቃጠለ ብሎ ሳይጠይቅ ሽቦውን በሽቦ አገናኘው። አሁን ቴርሞስታቱ ብቻውን ቀርቷል፣ እሱም በዚያ ሁሉ ቀጭ ቀጭ የደከመ ነው። አንድ ቀን ተጣብቆ ቢቀር ፕላስቲኩ ይቀልጣል፣ ከዚያ እሳት ነው። እኔ አንድ ቢሮ ውስጥ ሥሩ ቀልጦ ከጠረጴዛው ጋር የተጣበቀ አንስቻለሁ። ስከፍተው ፊውዙ በሽቦ ተዘሏል።

ስፒናው ተነቅሎ፣ ማሽኑ ፈጽሞ በርዶ፣ ታንከሩ ባዶ ሆኖ ገልብጪው። የሥሩን ብሎኖች ፍቺ፤ አንዱ ብዙ ጊዜ ተራ ካቻቢቴ የማይፈታው ዓይነት ነው። ኤለመንቱ ላይ በነጭ ወይም ቢጫ የመስታወት ክር ሽፋን የተሸፈኑ ፊውዞች ታያለሽ፣ ብዙውን ጊዜ ሁለት ናቸው። ሰውነታቸው ላይ ዲግሪና አምፔር ተጽፏል። ያንኑ የሚል ግዢ፣ አሥር ዲግሪ እንኳ አታሳልፊ። የተዘለለው ጭራሽ ወጥቶ ከሆነ ከጎኑ ያለው የተለየ ቁጥር ሊኖረው ስለሚችል በእሱ አትገምቺ፣ ለባለሙያ አሳዪው። ገበያ ላይ ጽሑፉ በጣት የሚለቅ ርካሽ ፊውዝ ሞልቷል፣ እሱን ተዪው። ስትገጥሚው በስታኞ አትበይጂ፤ የብየዳው ሙቀት ራሱ ፊውዙን ይበላዋል። በብረት ቀለበት አስገብተሽ በፒንሳ ጨምቂው፣ ሽፋኑን መልሺና እንደ ድሮው ኤለመንቱ ላይ አስጠጊው። ቴስተር ካለሽ በስተመጨረሻ መስመሩ መገናኘቱን፣ የኤሌክትሪኩ መስመር ደግሞ ብረቱን አለመንካቱን ለኪ። እጅሽ ካልደፈረ ለባለሙያ ስጪ፣ ግን «አትዝለለው» ብለሽ ስጪ። በዚያው ቱቦዎቹንም እይ። ሲሊኮን መሆን አለባቸው። የአትክልት ውሃ ማጠጫ ጎማ ቆርጠው የሚያስገቡ አሉ፤ ፈልቶ ያለፈበት ውሃ ሁሉ ጎማ ጎማ ይላል።

ፊውዙ ከተመለሰ በኋላ ቅርፊቱን እናውጣ። አንድ እጅ አቼቶ ለሁለት እጅ ውሃ ቀላቅለሽ ታንከሩን ሙዪ። ያለ ቡና ለኩሺው። ሲሶው ወደ ጠርሙሱ ሲወርድ አጥፊና ግማሽ ሰዓት ተዪው፣ አሉሚኒየሙ ውስጥ የቀረው አቼቶ ቅርፊቱን እንዲበላ። ከዚያ የቀረውን አስጨርሺ። የአንቺ ብዙ የቆየ ስለሆነ ሁለቴ፣ ምናልባትም ሦስቴ ይፈልጋል። ነጭ ፍርፋሪ ሲወጣ አትደንግጪ፣ እሱን ነው የምንፈልገው። በመጨረሻ ሦስት ታንከር ንጹህ ውሃ አሳልፊ።

አሁን ሰዓት ይዘሽ አንድ ሊትር ውሃ ብቻ አሳልፊ። 8 ደቂቃ አካባቢ ከገባ አለቀልሽ። ካልቀነሰ ታንከሩ ውስጥ ተመልከቺ። ውሃው ወደ ኋላ እየተመለሰ የሚያንቦጫርቅ ከሆነ ያቺ ትንሽ ቫልቭ ተጣብቃለች። ቱቦውን ነቅለሽ አጽጂያት፣ ብዙ ጊዜ የተቀረቀረባት የቅርፊት ስባሪ ነው።

ከዚህ በኋላ የቀረው ያንቺ ልማድ ነው። ለጀበና የተፈጨ ቡና እዚህ አይሆንም። ዱቄቱ ወረቀቱን ይደፍነውና ውሃው ከማጣሪያው በላይ ሞልቶ በጎን ይወርዳል፣ ሥሩ ያለው መብራት ላይ ደግሞ ውሃ አንፈልግም። ሽርክት አድርገሽ አስፈጪ፣ በጣት ሲታሽ እንደ ተራ ስኳር የሚሻክር። ለአንድ ሊትር ከ55 እስከ 60 ግራም ይበቃል። በማንኪያ አትገምቺ፣ በወጥ ቤት ሚዛን መዝኚ። ማሽኑ ላይ «8 ኩባያ» የሚለው ጀርመን ውስጥ ባለ 125 ሚሊ ሊትር ስኒ ነው፣ 8ቱ አንድ ሊትር ማለት ነው። ከፍታችን የሚወስደውን ሙቀት ለማካካስ ደግሞ መጀመሪያ ያለ ቡና ግማሽ ታንከር ውሃ አሳልፊ። ቱቦውና ጠርሙሱ ይሞቃሉ። ወዲያው ትክክለኛውን ውሃና ቡና ጨምሪ። ቡናው ከረጠበ በኋላ ክዳኑን ከፍተሽ አንዴ በማንኪያ አማስዪው፤ ርካሽ ማሽን ውሃውን መሐል ላይ ብቻ ስለሚያፈስ ዳር ዳሩ ደረቁን ይቀራል።

የተቃጠለው ሽታ ከሳህኑ ነው። ያው አንዱ ኤለመንት ውሃም ያፈላል፣ ሳህኑንም ያግላል። ቡናው ወርዶ እንዳለቀ ፔርሙስ ውስጥ ገልብጪውና ማሽኑን አጥፊ።

አዲስ የመግዛቱን ነገር ደግሞ አሁን አትቸኩዪ፣ ይሄኛው ይድናል። ግድ ካለሽ ግን ስክሪኑንና ሰዓቱን ተዪና ዋቱን እይ። ለአንድ ሊትር 1,400 ዋትና ከዚያ በላይ ያለው ይሻላል። ውሃ ማፍሰሻው ብዙ ቀዳዳ ይኑረው። ከጠርሙስና ሳህን ይልቅ ፔርሙስ ያለው ይሁን። የሆላንዱ ሞካማስተር የሚወደድበት አንዱ ምክንያት ውሃው የሚፈላበት ክፍል መዳብ መሆኑና ሳህኑ የራሱ ለብቻው ማሞቂያ ያለው መሆኑ ነው። ከአሜሪካ የሚላክልሽ ከሆነ ግን 120 ቮልት እንዳይሆን፤ እዚህ ከሰካሽው ከሦስት እጥፍ በላይ ኃይል ይስባል፣ የመጀመሪያው ቀን መጨረሻው ይሆናል።

ወንድምሽ ያመጣውን ፊውዙ ሳይመለስ ለአንድ ስኒም ቢሆን እንዳትሰኪው። አቼቶውን ካሳለፍሽ በኋላ ደቂቃውን ጻፊልኝ።