ከአንድ አቅራቢ ለመግዛት ምክንያቱ እንዴት ይጻፍ?

ጥያቄ፦ በአንድ የፌዴራል ሆስፒታል ላቦራቶሪ እሠራለሁ። ለመመርመሪያ ማሽናችን ሪኤጀንት የተባለውን የምርመራ ኬሚካል ለመግዛት በሞላሁት የግዥ መጠየቂያ ቅጽ ላይ «ዕቃው በጣም አስፈላጊና አስቸኳይ በመሆኑ፣ ድርጅቱም ጥራት ያለው አቅራቢ መሆኑ ስለታመነበት ግዥው ከአንድ አቅራቢ እንዲፈጸም ይጠየቃል» ብዬ ጻፍኩ። ኦዲተሮቹ «ምክንያቱ በቂ አይደለም» አሉኝ። አማርኛዬ ምን ጎድሎታል?

መልስ፦ የሰዋስው ስህተት የለበትም፤ ነገር ግን የሚመልሰው ሌላ ጥያቄ ነው። «አስፈላጊ» ዕቃው ለምን እንደሚገዛ ይናገራል። «አስቸኳይ» መቼ እንደሚፈለግ ይናገራል። «ጥራት ያለው» ደግሞ ስለ ብዙ አቅራቢዎች ሊባል ይችላል። ኦዲተሩ የሚፈልገው ግን አንድ ነገር ነው፦ ሌሎቹ ለምን ሳይወዳደሩ ቀሩ? በተለይ «አስቸኳይ» የሚለውን ያውጡት። ሪኤጀንት በየወሩ የሚያልቅ ዕቃ ስለሆነ ኦዲተሩ «ታዲያ በዓመታዊ የግዥ ዕቅድ ለምን አልተያዘም?» ይላል፤ ያኔ ክርክሩ ከአቅራቢው ወደ ዕቅድዎ ይዞራል።

ቀጥሎ «ስለታመነበት»ን እንይ። በመሥሪያ ቤት ጽሑፍ የተለመደ ቢሆንም አድራጊውን ይደብቃል። ማን አመነ? ምን አይቶ? ኦዲተር የሚመጣው ግዥው ካለፈ በኋላ ነው፤ ቅጹን የሞሉት ሰው ተዛውረው ሊሆን ይችላል፤ የሚጠይቀው ወረቀቱን ብቻ ነው። ስለዚህ እያንዳንዱ ግስ ባለቤት፣ እያንዳንዱ ባለቤትም ማስረጃ ይኑረው።

የ«ብቻ» ቦታም ወሳኝ ነው። «ድርጅቱ ይህን ሪኤጀንት ብቻ ያቀርባል» ካሉ ድርጅቱ ሌላ ዕቃ አይሸጥም ማለት ነው፤ ሌላ ሻጭ የለም ማለት አይደለም። ለእርስዎ ጉዳይ የሚስማማው «ሪኤጀንቱን የሚያቀርበው ይህ ድርጅት ብቻ ነው» የሚለው ነው። ይህ አገነባብ ሌሎቹን ከመስኩ ያስወጣል፤ ስለዚህም ማስረጃ ይጠይቃል።

እዚህ ላይ ብዙዎች «ሌላ አቅራቢ ስለሌለ» ብለው ያልፋሉ። «የለም» ስለ ገበያው ሁሉ የሚነገር ቃል ነው፤ ኦዲተሩ ስልክ ደውሎ አንድ ሻጭ ካገኘ ምክንያትዎ በሙሉ ይወድቃል። «ጠይቀን አላገኘንም» ግን ስለ ራስዎ ሥራ የሚናገር ነው፤ ለማን እንደጻፉ፣ መቼ እንደጻፉና ምን ብለው እንደመለሱ ማሳየት ይቻላል። እኔ ሁልጊዜ ሁለተኛውን እመርጣለሁ፤ የሚታመነውም እሱ ነው።

የእርስዎ ማሽን የአምራቹን ባርኮድ የማያነብበትን ሪኤጀንት የማይቀበል ዓይነት ከሆነ፣ ምክንያቱ እንዲህ ሊጻፍ ይችላል፦

«ላቦራቶሪያችን የሚጠቀምበት የኬሚስትሪ መመርመሪያ ማሽን የሚቀበለው የአምራቹን ባርኮድ የያዘ ሪኤጀንት ብቻ ነው፤ ይህም በማሽኑ መመሪያ ላይ ተገልጿል (አባሪ 1)። ሪኤጀንቱን በኢትዮጵያ እንዲያቀርብ ውክልና የሰጠው ለዚህ ድርጅት ብቻ መሆኑን አምራቹ በደብዳቤ አረጋግጧል፤ ውክልናው የጸናበት ጊዜም በደብዳቤው ላይ ተመልክቷል (አባሪ 2)። የግዥ ክፍሉ ለሌሎች ሦስት የላቦራቶሪ ዕቃ አቅራቢዎች ጽፎ ጠይቋል፤ ሦስቱም ሪኤጀንቱን እንደማያቀርቡ መልሰዋል (አባሪ 3)።»

ልብ ይበሉ፤ የመጀመሪያው ዓረፍተ ነገር ለምን ይህ ሪኤጀንት እንደተመረጠ፣ ሁለተኛው ለምን ይህ ሻጭ እንደተመረጠ ይናገራል። ብዙ ቅጾች የሚወድቁት የመጀመሪያውን አስረድተው ሁለተኛውን ስለሚዘሉ ነው። አንድ አምራች አምስት አከፋፋዮች ሊኖሩት ይችላል፤ ያኔ ዕቃው አንድ ዓይነት ቢሆንም አምስቱ ይወዳደራሉ። ደብዳቤውም ከአምራቹ የመጣ ይሁን። ሻጩ ስለ ራሱ «እኔ ብቸኛ ወኪል ነኝ» ብሎ የጻፈው ማስረጃ ሊባል አይችልም።

የግዥ ሕጉንም አንቀጽ ይጥቀሱ፤ ግን ከድሮ ቅጽ አይገልብጡ። ለዓመታት ሲጠቀስ የኖረው የ2001 ዓ.ም. አዋጅ ቁጥር 649 በ2016 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ ቁጥር 1333 ተተክቷል።

ስለ ዋጋም አንድ ዓረፍተ ነገር ይጨምሩ፤ ሻጩ ብቸኛ መሆኑ ዋጋው ተገቢ መሆኑን አያሳይም። «ድርጅቱ ያቀረበው ዋጋ ባለፈው ግዥ ከከፈልነው ጋር ተነጻጽሯል፤ ልዩነቱና ምክንያቱ በአባሪ 4 ተገልጿል» ቢሉ ይበቃል። ለሌሎቹ አቅራቢዎች የጻፏቸው ደብዳቤዎች ቀን ደግሞ ቅጹ ከተፈረመበት ቀን የሚቀድም ይሁን፤ ከኋላ ከመጣ ኦዲተሩ ምክንያቱ ከውሳኔው በኋላ ተፈልጎ የተለጠፈ ነው ብሎ ይጽፋል።