ጨዋታው በአገሬ አይሸጥም፤ የአካውንቴን አገር ብቀይርስ?

«ጋሼ፣ ጎንደር ማራኪ አካባቢ የምኖር ተማሪ ነኝ። ስቲም በሚባለው የኮምፒውተር ጨዋታ መደብር ላይ በሦስት ዓመት የገዛኋቸው ወደ ሠላሳ ጨዋታዎች አሉኝ። አሁን የምፈልገው ጨዋታ ግን በኢትዮጵያ አይሸጥም። በቴሌግራም የማውቀው ልጅ ‹3,000 ብር ላክ፣ አካውንትህን ውጭ አገር አድርጌ በራሴ ካርድ እገዛልሃለሁ፣ ፓስዋርድህን ብቻ ስጠኝ› አለኝ። ያስከስሰኛል ወይ?»

ወንድሜ፣ መጀመሪያ ፓስዋርዱን አትስጠው። ሰጥተኸው ከሆነ አሁኑኑ ቀይረውና ተመልሰህ አንብብ።

ጨዋታ ለመግዛት ብለህ አገርህን ሌላ አድርገህ ስለሞላህ ብቻ ፖሊስ በርህን አያንኳኳም። ነገሩ በዋናነት የውል ጉዳይ ነው። አካውንቱን ስትከፍት «እስማማለሁ» ብለህ ተጭነሃል፤ ያቺ ውል ናት። የፍትሐ ብሔር ሕጋችን ቁጥር 1731 ደግሞ በሚገባ የተደረገ ውል ለተዋዋዮቹ እንደ ሕግ ነው ይላል።

ውሉ ምን ይላል? የምትኖርበትን አገር በቪፒኤንም ሆነ በሌላ መንገድ ደብቀህ መግዛት ክልክል ነው። ፓስዋርድህን ለሌላ ሰው መስጠትም እንዲሁ። ከሁሉም የከበደው ግን ሌላ ነው። የገዛኸው ጨዋታውን ሳይሆን የመጫወት ፈቃዱን ነው። ስለዚህ ውሉን ከጣስክ የሚዘጋብህ አዲሱ ጨዋታ ብቻ ላይሆን ይችላል። አካውንቱ ከተዘጋ ሠላሳዎቹም አብረው ይሄዳሉ።

አገር መቀየር ጭራሽ አይቻልም ማለቴ አይደለም። በእርግጥ ሌላ አገር ሄደህ መኖር ከጀመርክ ስቲም ይፈቅድልሃል። እዚያው ሆነህ፣ የዚያው አገር በሆነ ካርድ ወይም ሌላ መክፈያ አንድ ግዢ ትፈጽማለህ፣ አገሩ ይቀየራል። ከዚያ በኋላ ግን ለሦስት ወር መልሰህ መቀየር አትችልም። ልጁ «በራሴ ካርድ» ያለህ ለዚህ ነው፤ የዚያ አገር ካርድ ከሌለ መንገዱ አይከፈትም።

እኔን የሚያስጨንቀኝም ይኸው ካርድ ነው። አምና አንድ ወጣት ፒያሳ ያለው ቢሮዬ መጥቶ ነበር። እሱም እንዳንተ በቴሌግራም ያገኘው ሰው ነው የገዛለት። ጨዋታው ተከፈተ፣ አምስት ሳምንት ያህል ተጫወተ። አንድ ማታ ሊገባ ሲል አካውንቱ ተቆልፏል። ካርዱ ለካ የሌላ ሰው ኖሯል። ባለቤቱ «ይህን ግዢ አላውቀውም» ብሎ ለባንኩ አመለከተ፣ ባንኩ ገንዘቡን ከመደብሩ መልሶ ወሰደ፣ መደብሩ አካውንቱን ቆለፈው። ደላላው ቻቱን አጥፍቶ ጠፍቷል። ልጁ እጁ ላይ የቀረው የቴሌብር ደረሰኝ ብቻ ነበር፤ ገንዘቡ የገባበት ስም ያለውም እሱ ላይ ነው።

የወንጀል ነገር የሚነሳው እዚህ ጋ ነው። በተሰረቀ ካርድ የሚገዛው ደላላው ወንጀል እየሠራ ነው። አንተም ካርዱ የተሰረቀ መሆኑን እያወቅህ ከገባህበት «ጨዋታ ብቻ ነው የፈለግሁት» ማለት አያድንህም። ሳታውቅ ብትገባ እንኳ ለምርመራ ቃልህን ስጥ ልትባል ትችላለህ።

«ከተቆለፈብኝ እከሳለሁ» እንዳትል ደግሞ፣ ስቲም ውሉን በ2024 አሻሽሎ ክርክር የሚታየው አሜሪካ፣ ዋሽንግተን ግዛት፣ ኪንግ ካውንቲ ባሉ ፍርድ ቤቶች ነው ብሏል። ለሠላሳ ጨዋታ ብሎ ከጎንደር እዚያ ድረስ ጠበቃ የሚያቆም የለም።

ጨዋታው ለምን እዚህ እንደማይሸጥም አጣራ። ብዙ ጊዜ የከለከለው የእኛ ሕግ ሳይሆን አሳታሚው ነው። በግንቦት 2024 (እ.ኤ.አ.) ሄልዳይቨርስ 2 በተባለው ጨዋታ ላይ የሆነውን አስታውስ። አሳታሚው ሶኒ የኮምፒውተር ተጫዋቾች የራሱን የፕሌይስቴሽን አካውንት ያገናኙ አለ፤ ያ አገልግሎት በሌለባቸው ከ170 በላይ አገሮች ጨዋታው ከስቲም ሽያጭ ወረደ። ተጫዋቾች ስለጮሁ ሶኒ ግዴታውን በቀናት ውስጥ ተወው። በዚያ መሃል ተጣድፎ በሌላ አገር ስም የፕሌይስቴሽን አካውንት የከፈተ ሰው ግን አገሩን ማስተካከል አይችልም፤ አንዴ ከተከፈተ አይቀየርም። የአንተም ጨዋታ እንዲህ ዓይነት ግንኙነት የሚጠይቅ ከሆነ፣ ልጁ ስቲሙን ቢቀይርልህ እንኳ በሩ ላይ ትቀራለህ።

በሕጋዊ መንገድ የምትሞክረው ይህ ነው። አሳታሚው በራሱ ድረ ገጽ ወይም በሌላ መደብር ለኢትዮጵያ ይሸጥ እንደሆነ እይ። ውጭ ያለ ዘመድ በስጦታ ልላክልህ ካለ፣ ከመክፈሉ በፊት ስጦታው ኢትዮጵያ ውስጥ መከፈት መቻሉን ያረጋግጥ፤ በአገር የተቆለፈ ስጦታ መቀበል አትችልም።

ገንዘቡን ቀድመህ ልከህ ከሆነ ቻቱን እንዳታጠፋ። ስክሪንሹት አንሳው፣ የቴሌብር ደረሰኙንም አስቀምጥ። አካውንቱ ከሁሉም መሣሪያ እንዲወጣ አድርግ፣ ስቲም ጋርድ የሚባለውን የመግቢያ ማረጋገጫ በራስህ ስልክ ላይ አብራ። ያላወቅከው ግዢ ካየህ ካርዱ የአንተ እንዳልሆነ ለስቲም ድጋፍ ሰጪ እውነቱን ጻፍ። ከዚያ ማስረጃህን ይዘህ ፖሊስ ጣቢያ ሂድ፤ አቤቱታውን ለመጻፍ ከከበደህ መጀመሪያ እኔ ጋ ና።