100 ዶላር ምንም አይፈትንም

የሃዋላ አፕ ቴስት የምታደርጉ ልጆች፣ የምታዘጋጁት ዳታ ሁሌም ያው ነው። 100 ዶላር፣ 500 ዶላር፣ 1000 ዶላር። ሁሉም ያልፋል፣ ሪፖርቱ ይላካል፣ ፊቸሩ ይለቀቃል። ከጥቂት ወራት በኋላ ሂሳብ ክፍል ይደውልና "ሳንቲሞቹ አልገጥም አሉን" ይላል።

ለምን እንደዚህ እንደሚሆን በቁጥር እንየው። ተመኑ 1 ዶላር በ125.45 ብር ነው እንበል (ለምሳሌ የያዝኩት ነው፣ ባንክ ሄዳችሁ እንዳትጠይቁበት)። 100 ዶላር ልክ 12,545 ብር ይሆናል። የሚጠጋጋ ነገር የለም። ኮዱ ወደ ላይ ቢያጠጋ፣ ወደ ታች ቢያጠጋ፣ ትርፉን ቆርጦ ቢጥለው መልሱ አንድ ነው። ስለዚህ ይህ ቴስት ማባዛት መቻሉን እንጂ የማጠጋጋት ደንቡን አልነካውም።

እኔ የምመክራችሁ ከኋላ ወደ ፊት እንድትሠሩ ነው። መጀመሪያ ገንዘቡን አትምረጡ። መጀመሪያ "ደንቦቹ የሚለያዩት የት ላይ ነው?" በሉ፣ ከዚያ እዚያ ቦታ ላይ የሚያርፍ ገንዘብ ፈልጉ። ደንቦቹ በግልጽ የሚለያዩት ከሳንቲሙ ቀጥሎ ያለው አሃዝ 5 ሆኖ ከኋላው ምንም ከሌለ ነው። አንዱ ደንብ ወደ ላይ ይወስደዋል፣ ሌላው ወደ ቅርቡ ተጋማሽ አሃዝ፣ ሦስተኛው ይቆርጠዋል። ቁጥሩን ለማግኘት ደግሞ ብዙ መልፋት አያስፈልግም፤ ተመኑ በ5 የሚያልቅ ከሆነ ከነጥቡ በኋላ ኢተጋማሽ አሃዝና ዜሮ ያለው ገንዘብ፣ ለምሳሌ 10.10 ወይም 10.30፣ ልክ እዚያው ያሳርፋችኋል።

```
USD     raw ETB     HALF_UP   HALF_EVEN   DOWN
10.10   1267.045    1267.05   1267.04     1267.04
10.30   1292.135    1292.14   1292.14     1292.13
10.01   1255.7545   1255.75   1255.75     1255.75
```

የመጀመሪያው መስመር ብቻውን አይበቃም። ሲስተሙ 1267.04 ቢመልስ ወደ ተጋማሽ እያጠጋ ነው ወይስ እየቆረጠ? አታውቁም። ሁለተኛው መስመር ይለያችኋል። ሁለቱ አንድ ላይ ሲሆኑ ነው ሦስቱ ደንቦች የሚነጣጠሉት።

ሦስተኛው መስመር የኔን ምክር ራሱ ያፈረሰ ይመስላል፣ ሁሉም ላይ አንድ መልስ ነዋ። እሱን ያስቀመጥኩት ለሌላ በሽታ ነው። ብዙ ጊዜ አንዱ ሰርቪስ ወደ ሦስት አሃዝ ያጠጋና ለቀጣዩ ያቀብላል፣ ቀጣዩ ደግሞ ወደ ሁለት ያጠጋል። ሁለቱም ግማሹን ወደ ላይ የሚወስዱ ከሆነ 1255.7545 መጀመሪያ 1255.755 ይሆናል፣ ከዚያ 1255.76። ስክሪኑ ላይ 1255.76 ካያችሁ አንድ ቦታ ሁለቴ ተጠጋግቷል፣ ወይም ሁልጊዜ ወደ ላይ የሚገፋ ኮድ አለ።

ተመኑን ደግሞ ቴስቱ ውስጥ አስራችሁ ያዙት። ከሐምሌ 2016 ወዲህ የብር ተመን በገበያ ነው የሚወሰነው፣ ይቀያየራል። ቴስታችሁ የዕለቱን ተመን ከውጭ የሚጠራ ከሆነ 10.10 ነገ ግማሹ ላይ ላያርፍ ይችላል። ቴስቱ ግን አሁንም አረንጓዴ ነው፣ ምንም ሳይፈትን።

ወደ ገንዘብ ዓይነቶቹ ልምጣ። ሁሉም ገንዘብ ሁለት አሃዝ ያለው ይመስለናል፣ ብርም ዶላርም እንደዚያ ስለሆኑ። በአይኤስኦ 4217 ደረጃ የኩዌት ዲናር ሦስት አሃዝ አለው፣ 1 ዲናር 1000 ፊልስ ነው። የባህሬንና የኦማንም እንደዚሁ ሦስት ናቸው። የጅቡቲ ፍራንክ ደግሞ ምንም የለውም። ከኩዌት ለቤተሰቧ የምትልክ እህት ያለችበት አፕ ላይ ይሄ የመጽሐፍ እውቀት አይደለም።

ዴቨሎፐሩ የሆነ ቦታ "በ100 አባዛ" ብሎ ጽፎ ከሆነ በ5 ዲናር ላታገኙት ትችላላችሁ። ሲገባ በ100 ተባዝቶ፣ ሲወጣ በ100 ተካፍሎ፣ 5 ሆኖ ይመለሳል። 5.125 ዲናር ስጡት። አሁን የመጨረሻዋ 5 ፊልስ ትጠፋለች ወይም ተጠጋግታ 5.13 ትሆናለች። ከዚህ የከፋው አንዱ ወገን በ1000፣ ሌላው በ100 ሲሠራ ነው፣ ያን ጊዜ ገንዘቡ አስር እጥፍ ይሳሳታል። ለጅቡቲ 1501 ፍራንክ ላኩ። ስክሪኑ ላይ 15.01 ከመጣ ነገሩ ተነቅቷል። 1501.50 ብላችሁም ሞክሩ፣ ጭራሽ መቀበል የለበትም።

ቴስተሮች ብዙ የሚረሱት የተገላቢጦሹን ነው። ሰው "100 ዶላር ልላክ" ብቻ አይልም፣ "እናቴ እጅ 5000 ብር ይግባ" ይላል። 5000 ለ125.45 ሲካፈል 39.8565 ምናምን ዶላር ነው። ወደ 39.86 ካጠጋነው መልሶ ሲባዛ 5000.44 ብር ይሆናል። ወደ 39.85 ካወረድነው 4999.18። ታዲያ እናትየዋ ስንት ነው የምትቀበለው? 5000 ከሆነ ያቺ 44 ሳንቲም የት ትመዘገባለች? ሪኳየርመንቱ ላይ መልሱን ካጣችሁ ራሳችሁ አትወስኑ። ሂሳብ ክፍል ሄዳችሁ ጠይቁ፣ መልሱንም በጽሑፍ አስይዙ። ለማጠጋጊያ ልዩነት የተለየ አካውንት ካላቸው ቴስታችሁ ያንንም ማየት አለበት፤ ከላኪ የወጣው፣ ለተቀባይ የገባውና ልዩነቱ ሲደመሩ ምንም መቅረት የለበትም።

ከዚሁ የሚወጣ አንድ ጥንድ አለ፣ እኔ በጣም የምወደው፦ 0.62 ብር እና 0.63 ብር። አፑ ውስጥ ከብር ወደ ዶላር መቀየር ይቻላል እንበል። 0.62 ብር 0.0049 ዶላር ገደማ ነው፣ ተጠጋግቶ ዜሮ ይሆናል። ሰውየው ከፍሎ ምንም አላገኘም ማለት ነው፣ ሲስተሙ ሊከለክለው ይገባ ነበር። 0.63 ብር ግን ከ0.005 ትንሽ ያልፋል፣ ስለዚህ ወደ 1 ሴንት ያድጋል። ያቺን 1 ሴንት መልሶ ወደ ብር ሲቀይራት 1.25 ብር ናት። በ63 ሳንቲም ገብቶ በ1.25 ወጣ! ይህን በስክሪፕት ሌሊቱን ሙሉ የሚደጋግም ሰው አይጠፋም። ዝቅተኛ የገንዘብ ገደብ ካለ ይህን በር ይዘጋዋል፣ ግን ገደቡ የተቀመጠው ስክሪኑ ላይ ብቻ ነው ወይስ ሰርቨሩም ላይ? ኤፒአዩን በቀጥታ ጠርታችሁ እዩት።

የመጨረሻው የሚጠበቀውን መልስ ይመለከታል። ብዙዎቻችሁ ሲስተሙን አስኬዳችሁ የወጣውን ቁጥር ገልብጣችሁ "የሚጠበቅ ውጤት" ውስጥ ትለጥፋላችሁ። አይሆንም። በወረቀት አስሉት። ስክሪፕት ከተጠቀማችሁም ተራውን ተንሳፋፊ ቁጥር ተዉት፤ ፓይተን ላይ `round(2.675, 2)` ብላችሁ ብትሞክሩ 2.67 ነው የሚሰጣችሁ፣ ወደ ላይም ሆነ ወደ ተጋማሽ ብናጠጋው 2.68 መሆን ሲገባው። 2.675 በኮምፒውተሩ ውስጥ በትክክል ስለማይቀመጥና ከ2.675 በጥቂቱ ስለሚያንስ ነው። `Decimal("2.675")` ብላችሁ ጀምሩ፣ በትእምርተ ጥቅስ ውስጥ። ጥቅሱን ከረሳችሁት ያው የተበላሸው ቁጥር ነው ተመልሶ የሚገባው።