ዋጋ ንረትን በምን ምስል ላሳየው?

«ስለ ዋጋ ንረት የ6 ደቂቃ ቪዲዮ እየሠራሁ ነው። ትረካው አልቋል። ከድምፁ ጋር የሚሄድ የቢ ሮል ምስል ግን ጠፋኝ። ገበያ ወጥቼ ልቅረፅ ወይ?»

ወንድሜ፣ ገና ካሜራ አታንሳ።

1. ወረቀት ለሁለት ክፈል። በግራ የትረካውን ዓረፍተ ነገር፣ በቀኝ የሚታየውን ጻፍ። በቀኝ በኩል ሰው በእጁ የሚሠራው ነገር ይስፈር። «ገበያ» ብለህ ከጻፍክ ምንም አልያዝክም። «ባለሱቁ የዘይቱን ዋጋ ሰርዞ አዲሱን ይጽፋል» ካልክ ግን የሚቀረፅ ነገር አለህ።

2. ዋጋ ንረት ለውጥ ነው። ለውጥን ለማሳየት ያኔና ዛሬ ጎን ለጎን መታየት አለባቸው። እኔን ያከሰረኝ ይህን አለማወቄ ነው። ገበያ ወጥቼ ቀኑን ሙሉ 70 ክሊፕ ቀረፅኩ፤ የሽንኩርት ክምር፣ ሚዛን፣ ግርግር። ኤዲቲንግ ላይ ሳያቸው ሁሉም የሚሉት «እዚህ ገበያ አለ» ብቻ ነው። ያውም ለፈቃዱ የገበያው አስተዳደር ቢሮ ሦስት ቀን አመላልሶኛል። ጸሐፊዋ ደብዳቤዬን ሳታነብ «ማኅተሙ አይታይም» ብላ ወረወረችልኝ። እስካሁን ያንገበግበኛል። ከ70ው የተጠቀምኩት ሁለቱን ነው።

ያዳነኝ የሰፈራችን ባለሱቅ ደብተር ነው። የዘይት ዋጋ በሰማያዊ እስክሪብቶ ተጽፏል፣ ተሰርዟል። ከጎኑ ሌላ ዋጋ አለ፤ እሱም ተሰርዟል። የመጨረሻው በቀይ ነው። የባለ ዱቤዎቹን ስም በወረቀት ሸፍኜ፣ በጣም ተጠግቼ፣ ከመጀመሪያው ዋጋ ወደ መጨረሻው ቀስ ብዬ ሄድኩ። ከቪዲዮው ሁሉ የምኮራበት ሾት ይኸው ነው።

«የብር የመግዛት አቅም ቀነሰ» ለሚለው ደግሞ ከዚያው ደብተር የድሮውን የሽንኩርት ዋጋ ወሰድኩ። ጠረጴዛ ላይ አንድ ባለ 200 ብር ኖት አስቀመጥኩ። ያኔ የሚገዛውን ያህል ሽንኩርት ከጎኑ ደርድሬ ቀረፅኩ። ከዚያ ትሪፖዱን ሳልነካ የዛሬውን ያህል ብቻ አስቀርቼ ደገምኩ። ትሪፖዱ ትንሽ እንኳ ከተነቃነቀ ሁለቱ ምስሎች አይገጥሙም፤ የተመልካች ዓይን ሽንኩርቱን ትቶ ዝላዩን ያያል።

3. ትረካህን ጮክ ብለህ እያነበብክ በስልክህ ሰዓት ያዝ። 12 ሰከንድ የሚፈጅ ዓረፍተ ነገር ሦስት ያህል ምስል ይበላል። እያንዳንዱን ግን ቢያንስ 10 ሰከንድ ቅረፅ፤ ስትቆርጥ ትርፉ ያስፈልግሃል።

በጣም የምለምንህ አንድ ነገር አለ። «ንረቱ ቀነሰ» የሚል ዓረፍተ ነገር ካለህ ተጠንቀቅ። ንረቱ ቀነሰ ማለት ዋጋው ወረደ ማለት አይደለም፤ ጭማሪው ቀዘቀዘ ማለት ነው። እኔ እዚያ ላይ ሽንኩርቱ መልሶ ሲበዛ አሳየሁ። ሰው «የት አገር ነው የረከሰው?» ብሎ ኮሜንት ላይ ወረደብኝ፤ እውነቱንም ነው። ቪዲዮውን ከቻናሌ ላይ አንስቼ ያንን ቦታ እንደገና ቀረፅኩት። መጀመሪያ አራት ራስ ሽንኩርት በአንዴ ይነሳል፣ ቀጥሎ ሁለት፣ ቀጥሎ አንድ። የሚነሳው እያነሰ ሄደ፤ ክምሩ ግን አንዴም አልጨመረም።