ተዘግቶ የከረመ ቤት ቁንጫ

«ድመቴን ጠብታ መድኃኒት አድርጌላት ቁንጫው ጠፍቶ ነበር። በሁለት ሳምንቱ ተመለሰ። መድኃኒቱ ፎርጅድ ይሆን? ሌላ ልግዛ?»

እህቴ፣ ሌላ አትግዢ። እኔም እንደዚህ ጠርጥሬ ሦስት ዓይነት መድኃኒት ቀያይሬያለሁ። ገንዘቤ ነው ያለቀው። ጎንደር ፒያሳ አካባቢ፣ በጣሊያን ጊዜ በተሠራ ባለ ጣውላ ወለል ቤት ነው የምንኖረው። አንድ ውሻና አንዲት ድመት አሉን።

1. ድመቷን ነጭ ጨርቅ ላይ አቁመሽ ጥርሱ በጠበበ ማበጠሪያ አበጥሪያት። የሚወርደው ጥቁር ብናኝ ላይ ውሃ ጠብ አድርጊ። ቀላ ብሎ ከተሰራጨ የቁንጫ ኩስ ነው፤ የደረቀ ደም ማለት ነው። ይህን ኩስ አትርሺው፣ ኋላ እመለስበታለሁ።

2. ቤት ያሉትን እንስሳት ሁሉ በአንድ ቀን አክሚ። የውሻ መድኃኒት ግን ለድመት እንዳታደርጊ። ፐርሜትሪን የሚባለው ለውሻ ይሆናል፣ ድመትን ግን ያንቀጠቅጣል፣ ይገድላልም። እኔ የሄድኩበት ሻጭ «ያው ነው፣ ትንሽ ቀንሰሽ አድርጊላት» ብሎኝ ነበር። ጽሑፉን ራሴ አንብቤ ነው የተውኩት። ለምን ቁንጫው እንደሚመለስ ስጠይቀው ደግሞ «ቤትሽን አጽጂያ!» ብሎ ሰው ፊት አሳፈረኝ። ቤቴ ንጹሕ ነው። በየቀኑ ይጠረጋል። ያ ንግግር እስካሁን ያናድደኛል።

3. ወለሉ። እዚህ ላይ የደረሰብኝን ልንገርሽ።

ለፋሲካ ደባርቅ ቤተሰብ ጋ ሄድን። ውሻውንም ድመቷንም ዘመድ ቤት አስቀመጥናቸው። ቤቱ ሦስት ሳምንት ተዘግቶ ከረመ። የሚበሉት ስላጡ ቁንጫዎቹ አልቀዋል ብዬ ደስ ብሎኝ ነበር የተመለስኩት። በሩን ከፍቼ ሳሎን ውስጥ ጥቂት እንደቆምኩ እግሬ ላይ መዝለል ጀመሩ። ነጭ ካልሲ አድርጌ ነበር። እስከ ቁርጭምጭሚቴ ጥቁር ነጠብጣብ ሆነ። ድመት በሌለበት ቤት!

በኋላ አንድ የእንስሳት ሐኪም ቁጭ አድርጎ አስረዳኝ። ድመቷ ላይ የምናየው ትልቁ ቁንጫ ከጠቅላላው ጥቂቱ ነው። ሴቷ ቁንጫ በቀን እስከ 40 እና 50 እንቁላል ትጥላለች። እንቁላሉ አይጣበቅም። ድመቷ ከተኛችበት ስትነሣ እንደ ጨው ይረግፋል። በጥቂት ቀናት ውስጥ ትንሽ ትል የመሰለ እጭ ይወጣዋል። እጩ ብርሃን ይሸሻል። ምንጣፍ ሥር፣ አልጋ ሥር፣ ጣውላው ስንጥቅ ውስጥ ይገባል። የሚበላው ያንን ከእንቁላሉ ጋር የረገፈውን ኩስ ነው። ከዚያ እንደ ሐር የሚያጣብቅ ድር በራሱ ላይ ይሠራል። አቧራ ስለሚለጠፍበት ጉድፍ ይመስላል፣ ብታዪውም አትለዪውም።

መዘዙ እዚህ ላይ ነው። የምንረጨው መድኃኒት ይህን ድር አልፎ አይገባም። ውስጡ ያለው ቁንጫ ለወራት ሊጠብቅ ይችላል። የሚቀሰቅሰው የእርምጃ ንዝረት፣ ሙቀትና የምንተነፍሰው አየር ነው። እኛ በሩን ከፍተን ስንገባ ሁሉም ባንዴ ወጡ። አንቺም በሁለት ሳምንቱ ያየሽው አዲስ የወጣውን ይመስለኛል። መድኃኒቱ ሠርቷል።

ከዚያ በኋላ እንዲህ አደረግሁ። ድመቷ የምትተኛበትን ጨርቅና የኛን አንሶላ በየሳምንቱ በፈላ ውሃ አጠብኩ። ሶፋውንና አልጋውን እየጎተትኩ ከሥር በየቀኑ ጠረግሁ። የጣውላውን ስንጥቅ በቀጭን ብሩሽ ፈለቀቅሁ። ጥራጊውን በፌስታል ቋጥሬ ወዲያው ከቤት አወጣሁ፤ ጥግ ላይ ካስቀመጥሽው ተመልሶ ይወጣል። የቤት መድኃኒት የረጨሁት ከጠረግሁ በኋላ ነው፤ እንስሳቱም ልጆቹም እስኪደርቅ አልገቡም። ለእንስሳቱ መድኃኒቱን በየወሩ ሳላቋርጥ ሦስት ወር ሰጠሁ። አዲስ የሚወጣው ድመቷ ላይ ሲወጣ እንቁላል ሳይጥል ይሞታል ማለት ነው።

በሁለተኛው ሳምንት ቁንጫው የበዛ ይመስላል። አትደንግጪ። በጠረግሽ ቁጥር ንዝረቱ ከድሩ ስለሚያወጣቸው ነው። እኔ እዚያ ላይ ነበር ሁልጊዜ ተስፋ ቆርጬ መድኃኒት የምቀይረው። ብርድ ሲሆን ደግሞ እድገታቸው ይዘገያል እንጂ አይቆምም፤ ስለዚህ ክረምት ላይ ጠፉ ብለሽ እንዳታቋርጪ።

በሦስተኛው ወር መጨረሻ ነጭ ካልሲ አድርጌ ክፍሎቹን በሙሉ ዞርኩ። አንድም አልወጣም። አንቺም ዛሬ ማታ ካልሲ አድርጊና ዙሪ። በየትኛው ክፍል እንደበዛ፣ ወለሉም ጣውላ፣ ሲሚንቶ ወይም አፈር መሆኑን ጻፊልኝ፤ ከየት እንደምትጀምሪ እነግርሻለሁ።